ማን እየሰማ ነው የሚናገሩት?

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አንድ ጥያቄ አስነስቶ አልፏል። ከዳሰሳው በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከወለዱ ሴቶች 74 ከመቶዎቹ ለመጨረሻ እርግዝናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ ታይተዋል። በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ግን 48 ከመቶ ብቻ ናቸው። ለክትትል ሄደው፣ ካርድ አውጥተው፣ የጤና ጣቢያውን በር የለመዱ ብዙ እናቶች ምጡ ሲመጣ ቤታቸው ቀርተዋል ማለት ነው። ለምን?

መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ስንቶቹ እንደቀሩ ቆጥሮ ይመጣል። ምክንያቱን ሲጠይቅ የሚያገኘው ግን «ሩቅ ስለሆነ»፣ «ድንገት ስለመጣብኝ» የሚሉ፣ ሳጥን ውስጥ ምልክት የሚደረግባቸው አጫጭር መልሶችን ነው። ከእነዚህ መልሶች ኋላ ማን እንደወሰነ፣ ማን እንደፈራ፣ ጎረቤት ምን እንዳለ፣ ያለፈው ወሊድ ምን ትቶ እንደሄደ አይታወቅም። አጥኚዎች ይህን ለማውጣት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ የቡድን ውይይት ነው። በሙያው ሰዎች አፍ «ኤፍ ጂ ዲ» ይባላል። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ይሰባሰባሉ፣ አንድ አወያይ ጥያቄ እየጣለ እርስ በርሳቸው ያነጋግራቸዋል፣ የተባለው ሁሉ በጥንቃቄ ይያዛል።

ዘዴው የተጀመረው በሬዲዮ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ዮርክ ውስጥ ፖል ላዛርስፌልድ የሚባል ተመራማሪ አድማጮችን ሰብስቦ የሬዲዮ ዝግጅት ያሰማቸው ነበር። አድማጮቹ የወደዱት ቦታ ሲደርስ አረንጓዴ፣ የጠሉት ሲመጣ ቀይ ቁልፍ ይጫናሉ። መሣሪያው መቼ እንደወደዱና መቼ እንደጠሉ መዘገበ፤ ምክንያታቸውን ለማወቅ ግን ሰዎቹን አንድ ላይ አስቀምጦ ማናገር ግድ ሆነ። በዚያን ዕለት እንግዳ ሆኖ የመጣው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት መርተን የጠያቂውን አያያዝ አይቶ ተቸ። ላዛርስፌልድም ቀጣዩን እሱ ራሱ እንዲጠይቅ አደረገው። መርተን ከዚያ በኋላ አሠራሩን ከባልደረቦቹ ጋር አዳብሮ ጻፈው።

አንድን ሰው ለብቻው ስታናግሩት የሚናገረው ለእናንተ ነው። በቡድን ሲቀመጥ ግን የሚናገረው ነገ ወንዝ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ገበያ ላይ በሚያገኛቸው ሰዎች ፊት ነው። የዘዴው ጥቅምም ጉዳትም ከዚህ ይመነጫል። አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ታስታውሳለች፣ ታርማለች፣ ትቃወማለች፤ ብቻዋን ብትጠየቅ ፈጽሞ የማይመጣላት ነገር ይወጣል። በዚያው ልክ ጎረቤት እንዳይሰማባት የምትፈልገው ነገር ይደበቃል። ስለዚህ ስንት ሰው ይጠራ፣ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ፣ ማን ያወያይ፣ ድምፅ ይቀዳ ወይስ ይቅር የሚሉት ውሳኔዎች ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳሉ፦ እነዚህ ሰዎች ሲናገሩ ማን ይሰማቸዋል?

ስምንት እናቶች፣ አንድ ጥላ

በአንድ የአማራ ክልል ገጠር ቀበሌ፣ ክትትል አድርገው ቤት የወለዱ እናቶችን ለማወያየት ታስቧል እንበል። ሥራው የሚጀምረው በድጋፍ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ያለ እሱ ማንም አይሰበሰብም። ነገር ግን ደብዳቤው የሚሄድበት መንገድ የሚሰበሰበውንም ሰው ይወስናል። ሊቀ መንበሩ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነግራል፣ እሷ ለሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች ትነግራለች፣ በቀጠሮው ጠዋት ዛፉ ሥር ተቀምጠው የሚገኙት ሞዴል የተባሉት እናቶች ይሆናሉ። ቀበሌው «ከቤት ወሊድ ነፃ» ለመባል የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛዋ በጠራችው ስብሰባ ላይ «እኔ ቤት ነው የወለድኩት» ብላ የምትናገር እናት አትገኝም። ተንኮል የሠራ ሰው የለም። ሁሉም የታዘዘውን በቅንነት ፈጽሟል፤ ውይይቱ ግን ሳይጀመር አልቋል።

መፍትሔው ጥሪውን ከሥልጣን ሰንሰለቱ ማውጣት ነው። አጥኚዎቹ ከክትትል መዝገቡ ላይ ለጥናቱ የሚሆኑትን እናቶች ከተለያዩ ጎጦች ይለያሉ። ከዚያ የጥናቱ የራሱ ሰው ቤት ለቤት ሄዶ ይጠራቸዋል። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገድ ማሳየት ትችላለች፤ በር ላይ ቆማ መጋበዝ ግን የለባትም። ለሊቀ መንበሩም ምስጋናው ቀደም ብሎ ይቀርብና በጥናቱ ደንብ ከተጠሩት ውጪ ማንም እንደማይቀመጥ በአክብሮት ይነገረዋል። ይህ ንግግር በዋዜማው መደረግ አለበት። እናቶቹ ከተቀመጡ በኋላ ሊቀ መንበሩን «ይነሡልን» ማለት እሱን ያስቀይማል፣ እነሱንም ያስደነግጣል።

ቀጥሎ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይወሰናል። ምራት አማቷ ባለችበት ስለ አዋላጅ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ፍርሃቷ አትናገርም። አማት በበኩሏ ምራቷ ፊት «እኛ ዘጠኝ ወልደን ምን ሆንን?» ማለቷ አይቀርም፤ ይህ ራሱ ጠቃሚ ንግግር ስለሆነ በራሷ እኩዮች መካከል ቢባል ይሻላል። ስለዚህ ወጣት እናቶች ለብቻ፣ ልጅ ያደረሱት እናቶች ለብቻ፣ ባሎች ለብቻ፣ አማቶች ለብቻ ይሆናሉ። በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉት ሰዎች በዕድሜ፣ በፆታና በኑሮ ደረጃ ይቀራረቡ፤ በአስተያየታቸው ግን ይለያዩ። ይህን አንዳንዶች ገልብጠው ይሠሩታል። አስተያየታቸው የታወቀና አንድ ዓይነት የሆነ፣ በማዕረግ ግን የሚበላለጡ ሰዎችን ይሰበስቡና ውይይቱ ለምን እንደማይነሣ ይገረማሉ።

ቁጥሩን በተመለከተ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች በብዛት ከስድስት እስከ ስምንት ይመርጣሉ፤ አንዳንድ መመሪያዎች እስከ አሥራ ሁለት ይፈቅዳሉ። ስሌቱን በሰዓት ብትሠሩት ምክንያቱ ይገለጣል። ለእንዲህ ያለ ውይይት የሚመደበው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰላምታው፣ ማብራሪያውና መተዋወቁ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳሉ። በቀረው 75 ደቂቃ አምስት ዋና ጥያቄዎች ይነሣሉ ብንል ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሩብ ሰዓት ይደርሳል። ስምንት እናቶች ካሉ ለእያንዳንዷ በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ጊዜ ትተርፋታለች። አንድ ነገር ጀምሮ ለመጨረስ ትበቃለች። አሥራ ሁለት ከሆኑ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚያልፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰው የሚናገረው የተዘጋጀ መፈክር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ አሥራ ሁለት ሰው ሲሰበሰብ ጥግ ላይ ያሉት ሦስቱ የራሳቸውን ወሬ ይጀምራሉ፤ በድምፅ መቅጃው ላይ ሁለት ንግግር ይደራረባል። ከአምስት ሲያንስ ደግሞ ሁለት ዝምተኞች ካጋጠሙ ውይይቱ በሁለት ሰዎች ላይ ይወድቃል።

ስምንት እንዲመጡ አሥር መጥራት የተለመደ ነው። አሥሩም ከመጡ ሁለቱን መመለስ ነውር ስለሚሆን ቀድሞ መላ ይያዝ። ለምሳሌ ሁለቱን በዚያው ሰዓት በሌላ ቦታ ለብቻቸው ቃለ መጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ቀኑም ይታሰብበት። የገበያ ቀን ከሆነ እናቶቹ ልባቸው ገበያው ላይ ነው። እርሻ የማይታረስበት የበዓል ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ብዙ ጊዜ ይመቻል፤ ዝክር ወይም ማኅበር ያላት እናት ግን ትኖራለችና አስቀድሞ ይጠየቅ። ሕፃናት ይዘው መምጣታቸው የታወቀ ስለሆነ ልጅ የምታባብል አንዲት ሴት መመደብ ከምንም በላይ ይጠቅማል። የመጓጓዣ ወይም የሻይ ገንዘብ ካለ መጠኑ በጥሪው ዕለት ለሁሉም እኩል ይነገራል። ያልተነገረ አበል ሲጠበቅ ሰው መልስ የሚሰጠው ሰጪውን ለማስደሰት ነው።

ስንት ቡድን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ የቆየ ልማድ ሦስት ወይም አራት ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግሬግ ጌስትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ከተካሄዱ 40 ውይይቶች የተገኘውን ጽሑፍ አንድ በአንድ ፈትሸው ከሰማንያ ከመቶ የሚበልጡት ዋና ሐሳቦች በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቡድኖች ውስጥ እንደሚገኙ፣ ዘጠና ከመቶው ደግሞ በሦስት እስከ ስድስት ቡድኖች ውስጥ እንደሚወጣ አሳይተዋል። ይህ ግን በዓይነቱ ለሚመሳሰል ሰው ነው። ለእኛ ጥናት ስምንት ውይይት ማለት ሁለት የወጣት እናቶች፣ ሁለት የታላላቅ እናቶች፣ ሁለት የባሎች፣ ሁለት የአማቶች ቡድን ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ብቻ ከሆነ የሰማነው የእናቶቹን ጉዳይ ይሁን የዚያን ዕለት አንዲት አንደበተ ርቱዕ ሴት ሐሳብ ለመለየት አይቻልም።

አወያይዋ

ለዚህ ውይይት አወያይዋ ሴት ብትሆን፣ ከጤና ጣቢያው ወይም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባትሆን ይመረጣል። ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት «ነርሶቹ ይሰድቡናል» ብሎ የሚነግራት የለም። የአካባቢውን አነጋገር የምትሰማ፣ በልብሷም በአቀማመጧም ከእነሱ ከፍ የማትል ትሁን። ወንበር አንድ ብቻ ካለ እሷ ምንጣፉ ላይ ከእነሱ ጋር ትቀመጥ። ክብ ሆነው፣ ሁሉም የሁሉንም ፊት እያዩ መቀመጣቸው ግድ ነው። በረድፍ ከተቀመጡ ንግግሩ ሁሉ ወደ አወያይዋ ይሄዳል። ከጎኗ ሌላ ሴት ማስታወሻ ትይዛለች። ሁለቱንም ሥራ አንዲት ሴት ልትሠራ አትችልም፤ እየጻፈች አንገቷን ስትደፋ የምታወራው እናት ትቆማለች።

የአወያይዋ የመጀመሪያ ንግግር በጣም ወሳኝ ነው። «እኔ ላስተምር አልመጣሁም፤ ከእናንተ ልማር ነው የመጣሁት። እዚህ ትክክልና ስሕተት የሚባል መልስ የለም። አንዷ ያለችው ለሌላዋ ካልተዋጠላት ትናገር፤ መለያየታችሁ ይጠቅመኛል። እዚህ የተባለውን ከዚህ ስትወጡ ለሌላ ሰው እንዳታወሩት አደራ እላለሁ፤ እኔ ግን ሁላችሁንም ወክዬ ቃል ልገባ አልችልም። ስለዚህ ጎረቤት እንዲያውቅባችሁ የማትፈልጉትን የግላችሁን ነገር አታውሩ።» ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መዘለሉ ጥፋት ነው። አጥኚው ምሥጢር ሊጠብቅ ይችላል፤ ስምንቱ እናቶች እንደሚጠብቁ ግን ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄዎቹ ከሩቁ ይጀምራሉ። «እናንተ የት ወለዳችሁ?» ብሎ መጀመር በዓይን እንደመተያየትና እንደመፈራራት ነው። «በዚህ አካባቢ ሴት ምጥ ሲይዛት መጀመሪያ ማን ይጠራል? ከዚያስ ምን ይደረጋል?» የሚለው ግን ለማንም የሚከብድ አይደለም። አንዷ አማቷን፣ አንዷ ጎረቤቷን፣ አንዷ ባሏን ትጠራለች፤ ማርያምን ስለመለመን፣ ስለ ገንፎው፣ ስለ ቡናው ሁሉም የሚጨምሩት አላቸው። ስለ ሌላ ሰው እያወሩ የራሳቸውን መናገር ይጀምራሉ። በተረፈ «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስመልስ ጥያቄ መጣል የለበትም። «ለምን?» የሚለውም ደጋግሞ ሲመጣ ፍርድ ቤት የቆሙ ያህል ያስጨንቃልና «ያን ጊዜ ምን አሰባችሁ?»፣ «እንዴት ሆነ?» በሚል ቢተካ ይሻላል።

በእኛ ዘንድ ለአወያይ ትልቁ ፈተና ስምምነት ነው። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ታላቅ ሴት ስትሆን ሌሎቹ «እሷ እንዳለችው ነው» ብለው ያልፋሉ፤ ታላቅን መቃወም ነውር ነው፣ እንግዳንም ማስከፋት ነውር ነው። ይህን እንዴት መፍታት እንደሚቻል በምሳሌው ቡድን እንመልከት። ለጥያቄው ማብራሪያ የተዘጋጀ እንጂ የተቀዳ ንግግር አይደለም።

ቁጥር ሦስት ትጀምራለች፦ «ጤና ጣቢያ ነው የሚሻለው። ዘመኑ ሠልጥኗል።» ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያልሠለጠነች አወያይ እዚህ ላይ «እሺ፣ ወደ ቀጣዩ እንለፍ» ትላለች፤ በሪፖርቷም «እናቶቹ ሁሉ የጤና ተቋም ወሊድን እንደሚመርጡ ገለጹ» ብላ ትጽፋለች። የሠለጠነችዋ ግን መልሱን ተቀብላ ለሌሎቹ መውጫ በር ትከፍታለች፦ «ልክ ነው፤ ጤና ጣቢያ እንደሚሻል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንዲያም ሆኖ ቤት የሚወለድበት ጊዜ አይጠፋም ይባላል። መቼ መቼ ነው?» ከዚያ ዝም ትላለች። እስከ አምስት በልብ መቁጠር ይበቃል። ዝምታው ለአወያይዋ ረጅም ይመስላታል፤ ለእናቶቹ ግን የማሰቢያ ጊዜ ነው።

ቁጥር ስድስት፦ «ሌሊት ሲሆን ነዋ። አምቡላንሱ እስከ መንገዱ ነው፤ እኛ ጋ አይደርስም።» ቁጥር አንድ፦ «በቃሬዛ ነው የሚያወርዱት። ወንዶቹን ሌሊት መቀስቀሱስ?» ቁጥር አምስት ቀስ ብላ፦ «እኔ እንኳ መንገዱ ቅርብ ነበር። በመጀመሪያው ሄጄ ገና ነው ብለው መለሱኝ። በእግሬ ተመለስኩ። ሁለተኛው ሲመጣ ጊዜው ደረሰም አልደረሰም አላልኩ፤ ቤቴ ቀረሁ።» ቁጥር ሁለት፦ «ሰው የሚስቅብሽ እኮ በመመለስሽ ነው።»

በእነዚህ አራት ንግግሮች ውስጥ «ሩቅ ስለሆነ» የሚለው የመጠይቅ መልስ ተበታትኗል። ርቀት ያለው ለሌሊት ነው፤ ርቀቱን የሚያከብደው ሰው መቀስቀስ ነው፤ ቅርብ ላለችው ደግሞ ችግሩ ተመልሳ መምጣቷና የጎረቤት ሳቅ ነው። ለዚህ ዕውቀት ቁልፉ ቁጥር ሁለት የተናገረችው ነው፤ እሷም የተናገረችው ቁጥር አምስት ስላወራች ብቻ ነው። አወያይዋ እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦ «መመለሱ ለምን ያስቃል? እስቲ አስረዱኝ።» ከዚያ ብትተዋቸው አሥር ደቂቃ ያለ እሷ ያወራሉ።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር የተሳሳተ ነገር ሲባል ነው። አንዷ ለሕይወት አደገኛ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ደም ብዙ ሲፈስ መጠበቅ ይሻላል ብትል አወያይዋ ልታርማት ይዳዳታል። በውይይቱ መሐል ካረመቻት አስተማሪ ሆነች ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልስ ሁሉ የፈተና መልስ ይሆናል። ነገሩን ይዛ ትቆይና መቅጃው ከተዘጋ በኋላ ለሁሉም በግልጽ ታስረዳለች፤ ይህን ሳታደርግ መሄድም ተገቢ አይሆንም። ንግግሩን የምትጠቀልል ተናጋሪ ካጋጠመች ደግሞ ዓይን መንሣት፣ ማስታወሻ መገልበጥ፣ ከዚያም «እናቴ ያሉት ገብቶኛል፤ እስቲ በዚህኛው በኩል ያሉትንም ልስማ» ማለት በቂ ነው። ክብሯን ሳትነካ ጊዜውን ትመልሳለች።

መቅጃው ሲበራ

ድምፅ የመቅዳት ውሳኔ ብዙ ጊዜ እንደ ዕቃ ጉዳይ ይታያል። በመቅጃው ውስጥ ግን ሌላ አድማጭ ተቀምጧል፤ ፊቱ አይታይም፣ መቼ እንደሚሰማም አይታወቅም። አንዲት እናት ቤት መውለድ ያስጠይቃል የሚል ወሬ ሰምታ ከሆነ ድምፅዋ መያዙ ስለ ሌሎቹ ሰባት ከምትጨነቀው በላይ ሊያስጨንቃት ይችላል።

ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው በቡድን ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ እንዲያውም በጥሪው ዕለት በቤቷ በር ላይ ነው። ስምንት ሰው ተቀምጦ «ድምፅ ብንቀዳ የማትስማሙ አላችሁ?» ሲባል እጁን የሚያወጣ ሰው የለም፤ ይሉኝታው አይፈቅድም። ለብቻዋ ስትጠየቅ ግን ማን እንደሚሰማው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ ጠይቃ ትወስናለች። አንዷ እምቢ ካለች ሁለት መንገድ አለ። ቡድኑ ያለ ድምፅ መቅጃ በሁለት ማስታወሻ ያዦች ይሄዳል፤ ወይም እሷ ምክንያቷ ለሌሎች ሳይነገር ለብቻዋ ትጠየቃለች። በእኔ እምነት ጉዳዩ ቅጣት ወይም ሹም የሚፈራበት ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል። ዝርዝሩ ይጎድላል፤ የሚገኘው ግን እውነት ነው። ቪዲዮ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አያስፈልግም። ማን እንደተናገረች ለመለየት ያግዛል ቢባልም ፊትን የያዘ ማስረጃ የሚያመጣው ፍርሃት ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ያንኑ ሥራ ማስታወሻ ያዥዋ በእርሳስ ትሠራዋለች።

አሠራሩ ይህ ነው። እያንዳንዷ እናት ከተቀመጠችበት ቦታ ተነሥቶ ቁጥር ይሰጣታል፤ ማስታወሻ ያዥዋ ክቡን ስላ ቁጥሮቹን ታሰፍራለች። ውይይቱ ሲካሄድ የሁሉንም ንግግር ለመጻፍ አትሞክርም። ተናጋሪዋ ስትለወጥ ቁጥሯንና የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቃላት ብቻ ትይዛለች፦ «6፦ ሌሊት ሲሆን ነዋ»፣ «1፦ በቃሬዛ ነው»። በኋላ ድምፁን የሚገለብጠው ሰው በዚህ ወረቀት ማን ምን እንዳለች ይለያል። ከዚህ ሌላ መቅጃው የማይሰማውን ትጽፋለች፤ ማን ራሷን ነቀነቀች፣ ማን ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፣ ማን ሌላዋን አይታ ተናገረች። አንዲት እናት ከመናገሯ በፊት ሁልጊዜ ወደ አንዷ የምታይ ከሆነ ያ ቡድን ውስጥ ያልታወቀ ሥልጣን ተቀምጧል፤ ምናልባትም የልማት ቡድን መሪዋ ሳትታወቅ ገብታለች።

መቅጃው ሁለት ይሁን፤ አንዱ የድምፅ መቅጃ፣ ሌላው ከመስመር የወጣ ስልክ። የሚቀመጡት በክቡ መሐል፣ በታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከሲኒውና ከረከቦቱ ራቅ ብለው ነው። ከመጀመሩ በፊት ጥግ ላይ ያለችው እናት ስም ሳትጠራ ስለ መንገዱ ትንሽ ታውራና ተመልሶ ይሰማ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ከመጣ መቅዳት አይቻልምና በክረምት ሳር ቤት ወይም ጠዋት ይመረጣል። ሰው ስም ከጠራ፣ ለምሳሌ የአንድ ነርስ ስም ቢነሣ፣ ማስታወሻ ያዥዋ ሰዓቱን ትይዛለች፤ ሲገለበጥ ስሙ ወጥቶ «አንድ ነርስ» ይባላል።

እናቶቹ ከተሸኙ በኋላ አወያይዋና ማስታወሻ ያዥዋ መኪና ከመግባታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ምን አዲስ ነገር ሰማን? ከፊተኛው ቡድን ምን ተለየ? የትኛው ጥያቄ አልገባቸውም? ይህን ንግግር ራሱን መቅዳት ጥሩ ልማድ ነው። ማታ ፋይሉ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ወደ ተቆለፈ ኮምፒውተር ይገባል፤ ከመቅጃውም ከስልኩም ይጠፋል። የአንድ ሰዓት ተኩል የቡድን ድምፅ ቃል በቃል መገልበጥ አንድ ሰው ሙሉ የሥራ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። በጀት ሲያዝ ይህ ስለሚረሳ ብዙ ጥናት በቸኮለ ማጠቃለያ ያልቃል። ገልባጩ የወረዳው ሰው አይሁን። የሚጻፈውም በተነገረበት አማርኛ፣ ከሳቁና ከዝምታው ጋር ይሁን። «ሰው የሚስቅብሽ» የሚለው ወደ ቢሮ ቋንቋ «ማኅበራዊ ጫና አለ» ተብሎ ከተለወጠ የተሰማው ነገር ጠፍቷል።

የተገለበጠውን ወረቀት ያየ ሰው ውይይቱ መከናወኑን ወይም መክሸፉን ይዘቱን ሳያነብ እንኳ ሊያውቅ ይችላል። አወያይ፣ ቁጥር አንድ፣ አወያይ፣ ቁጥር ሁለት፣ አወያይ፣ ቁጥር ሦስት እያለ የሚወርድ ከሆነ የተካሄደው በተራ የቀረበ ቃለ መጠይቅ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አወያይዋ አንዴ ብቻ ብቅ ብላ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ከተቀባበሉ ውይይት ነበር። አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ብቻ የሚደጋገሙ ከሆነ የሌሎቹ ዝምታ ምክንያት ይፈለግ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቡድን የማይሰጠው ነገር አለ። ከስምንት ስድስቱ ተናገሩት ማለት 75 ከመቶ ማለት አይደለም። ዝም ያለችው ተስማምታ ይሁን ፈርታ አይታወቅም፤ የተመረጡትም ሕዝቡን በቁጥር እንዲወክሉ አልነበረም። መባል የሚችለው «ይህ ነገር በሁለቱም የወጣት እናቶች ቡድን ውስጥ ሳይጠየቅ ተነሣ፣ በአማቶቹ ቡድን ግን ፈጽሞ አልመጣም» ነው። ሕፃኗ የሞተባት፣ በባሏ የተደበደበች እናት ታሪክም በቡድን አይጠየቅም፤ ለእሱ ለብቻ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ አለ።

ጥናት የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርቱን ከመቀበላችሁ በፊት ስም የወጣለትን አንድ ሙሉ ግልባጭ ጠይቁና ሁለት ገጽ አንብቡ። ለውይይት የምትጠሩ እናቶችና አባቶችም ከመቀመጣችሁ በፊት ማን እንደጠራችሁ፣ ድምፃችሁን ማን እንደሚሰማው፣ መቼ እንደሚጠፋ ጠይቁ። ካልጣማችሁ መቅጃው ይዘጋ በሉ፤ ወይም ተነሥታችሁ ሂዱ። ይህ መብታችሁ ነው።